የአፀደ ረጅም ሰላምታ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ አሰላ ላይ ግን በዚያ ዓመት ጉዱ የተሰማው በጥር ነው። ባላምባራስ ኃይለመስቀል፣ ስድሳን የተሻገሩ ሰውዬ፣ የሚስታቸው የወይዘሮ ወለተ ማርያም የሙት ዓመት ተዝካር በወጣ በሳምንቱ ሽማግሌ ላኩ። የላኩት ወደ ሩቅ አገር አይደለም፤ ወደ ጎረቤታቸው ነው። የጠየቁትም ተናኘወርቅን ነው። ተናኘወርቅ ማን ናት? የገዛ ልጃቸው የአፀደ ጓደኛ! በአንድ ክረምት የተወለዱ፣ ከአንድ ምንጭ ውሃ የቀዱ፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ለማለት የማትርቅ። እንግዲህ ይህን ምን ይሉታል? ሽማግሌ የተባሉት ሰዎች ግን አላፈሩም። ጠላውን ጠጥተው፣ ጺማቸውን ጠርገው፣ መርቀው ወጡ። የተናኘወርቅ አባትም ባላምባራስን የመሰለ አማች በሩ ድረስ ሲመጣለት ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። እሷ ነገሩን የሰማችው ጓዳ ሆና፣ እንደ ሌላ ሰው ወሬ ነው።

ማልቀሱንስ አለቀሰች። ግን የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ያጽናናት አንድ ሐሳብ ነበር፤ «ቢያንስ አፀደ አለችልኝ» የሚል። አፀደ ሁለት ዓመት ቀድማ ካሣዬ ለሚባል ነጋዴ ተድራ ሁሩታ ነበር የምትኖረው። «አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ እኔኑ ልትጠይቅ መጣች ማለት አይደል? ጓዳ ገብተን እንስቃለን» አለች ተናኘወርቅ ለራሷ። እኔን ይብላኝ ለሷ!

እነዚህ ሁለቱ በልጅነታቸው ሲገናኙ ያየ ሰው ጠብ የተነሳ ይመስለው ነበር። አንዷ ሌላዋን ገና ከሩቅ ስታያት ትጮኻለች። «አንቺ ከይሲ! የት ገብተሽ ጠፋሽ? ሞተሻል ብዬ ተዝካርሽን ልበላ ስንቄን ቋጥሬ ነበር እኮ!» ሌላዋ ደግሞ «አንቺን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!» ትልና እየሮጡ አንገት ለአንገት ይያያዛሉ። ግራ ጉንጭ፣ ቀኝ ጉንጭ፣ እንደገና ግራ፣ ስሞሹ ልክ የለውም፤ ከዚያ ጥፊ በሚመስል ምት ትከሻ ለትከሻ መመታታት፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ አለመላቀቅ። «ጤናሽ እንዴት ነው» የሚባል ነገር የለም። ምን ያደርጋል? ፊቷን አይታ ታውቀው የለም እንዴ! እኩያ ለእኩያ ሰላምታው አጭር ነው፣ ሙቀቱ ግን እስከ ማታ አይበርድም።

ታላቅ ፊት ሲደርሱ ደግሞ እነዚያው ሁለቱ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ወይዘሮ ወለተ ማርያም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከተቀመጡበት ሲደርሱ ሳቃቸውን ደጅ ጥለው ይገባሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው፣ ዝቅ ብለው እጅ ይነሳሉ። «እንደምን አደሩ?» ይላሉ በለሆሳስ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደራችሁ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነዎት? ጤናዎ እንዴት ነው?» «ይመስገን»፤ አሁንም ጎንበስ። ታናሽ ነው መጀመር ያለበት፤ ጉዳይ ቢኖረውም ሰላምታው ሳያልቅ ጉዳዩን አያነሳም፤ ታላቁ «ቁጭ በሉ» ሳይል አይቀመጥም። የማብቃቱ ሥልጣን ግን የታላቁ ነው። ይህን ልብ በሉ! ታናሽ ጉልበት ልስም ብሎ ዝቅ ሲል፣ ደግ ታላቅ ጉልበቱ ድረስ አያደርሰውም። በመሐል በብብቱ ይዞ ያነሳዋል፣ ግንባሩን ይስመዋል። ወይዘሮ ወለተ ማርያም እንዲያ ነበሩ። «በቃ፣ በቃ፣ ልጆቼ! እደጉልኝ!» ብለው ሁለቱንም ያቅፋሉ። ሰላምታው ረጅም ይሁን እንጂ መጨረሻው እቅፍ ነው።

ከሠርጉ በኋላ እንግዲህ ተናኘወርቅ በአንድ ሌሊት አረጀች። ሴት በባሏ ዕድሜ ነው የምትቆጠረው፤ ባልየው አንቱ ከሆነ እሷም አንቱ ናት። ትናንት በስሟ ይጠሯት የነበሩ የሰፈር ልጆች ዛሬ ስትገባ «ኖር!» እያሉ ብድግ ይሉላት ጀመር። «በእግዜር፣ ኧረ ተቀመጡ!» ትላለች፣ ጆሮዋን ማመን አቅቷት። እኩዮቿ ሸሿት፤ እንደ ድሮው እንዳይሰድቧት ባሏን ይፈራሉ፣ አንቱ እንዳይሏት ሳቃቸው ይመጣል፣ ስለዚህ መንገድ ቀይረው ያልፋሉ። በዕድሜ የሚበልጧት ባልቴቶች ደግሞ ለዚች ትንሽ ልጅ ብድግ ማለት ስለከነከናቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ «ደህና ዋሉ» ይሏትና ፊታቸውን ያዞራሉ። የገዛ እናቷ እንኳ! እናቷ መጥታ ከደጃፍ ቆማ «እንደምን ዋሉ ወይዘሮ» ያለቻት ቀን ተናኘወርቅ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን ነከሰች። ከጧት እስከ ማታ ሰላምታ ይዘንብባታል፣ አንድም ሰው ግን ሰላም አላላትም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ አፀደን ጠበቀቻት። የጠበቀቻት ለፋሲካ ነው።

የፋሲካ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። በግ ታርዷል፤ የደብሩ ካህናት አሉ፣ የባላምባራስ ዘመዶች አሉ፣ ከጭላሎ ሥር ካለው የገብስ መሬታቸው የመጡ ሰዎች ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከሁሩታ የመጣው የጭነት መኪና ጥሩንባ ሲሰማ ተናኘወርቅ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ወዴት ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«አፀደ መጣች! ልቀበላት ነዋ!»

«ቁጭ በይ። የቤት እመቤት ለልጅ አትነሳም።»

ቁጭ አለች። ልቧ ግን ደጅ ነበር። ከንፈሯ ላይ «አንቺ ከይሲ!» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

አፀደ ገባች። ወፈር ብላለች፤ ኑሮ ተስማምቷታል። ለአባቷ ዝቅ አለች፣ ጉልበታቸውን ሳመች፣ እሳቸውም ግንባሯን ሳሟት። ካህናቱን ተሳለመች። ከዚያ ወደ ተናኘወርቅ ዞረች። ተናኘወርቅ ሁለት እጇን ዘረጋች። አፀደ ግን እጆቿን አላየቻቸውም፤ ነጠላዋን በደንብ አጣፋች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፣ ከወገቧ እጥፍ ብላ እጅ ነሳች።

«እንደምን ሰነበቱ እትዬ ተናኘወርቅ?»

ተናኘወርቅ ሳቋ ሊያመልጣት ደረሰ። ቀልድ መሰላት። «አሁን ቀና ትልና ትጠቅሰኛለች» ብላ ጠበቀች።

«ደህና ነዎት? ጤናዎ እንዴት ነው?»

«አፀደ...»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጾሙን በሰላም ፈጸሙ? እንኳን አደረስዎ። ቤቱስ? ከብቱስ? ብርዱስ በረታብዎ?» በየጥያቄው ጎንበስ፣ በየጥያቄው አፍታ ዝም ብላ መልስ መጠበቅ፣ አንዲት ነገር ሳታጓድል። በመጨረሻ በርከክ ብላ ወደ ተናኘወርቅ ጉልበት ወረደች። ተናኘወርቅ ደንግጣ በብብቷ ይዛ ልታነሳት ታገለች። አፀደ ግን እንደ ድንጋይ ከበደች፤ አልነሳ አለች። ጉልበቷን ሳመችው። የከንፈሯ ቅዝቃዜ በቀሚሱ አልፎ ተሰማት፤ ወይም ለተናኘወርቅ እንደዚያ መሰላት።

«አቤት አስተዳደግ!» አለ አንዱ ካህን። «የእንጀራ እናቷን እንደ ወላጅ! እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል?» ቤቱ ሁሉ በምርቃት ተናጋ። ባላምባራስ ጺማቸውን ዳበሱ። ተናኘወርቅ ብቻ ፊቷ በጥፊ የተመታ ያህል ነደደ። በአደባባይ ተሰድባ ቢሆን ኖሮ ስድብ ነው ይባል ነበር። ይህን ግን ማን ስድብ ይለዋል? እግር ላይ ወድቀው ሰው ሲገድሉ ታይቶ ያውቃል?

ኋላ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን አገኘቻትና ክንዷን ያዘቻት። «አፀደ፣ እባክሽ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

አፀደ ራሷን ዝቅ አድርጋ «ምን ልታዘዝ እትዬ?» አለች።

በፋሲካ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ለደብረ ታቦር መጣች። ለመስቀልም መጣች፣ ያኔ «እንደምን ከረሙ» ሆነና ክረምቱ፣ ጭቃው፣ ዝናቡ፣ ጉንፋኑ ሁሉ አንድ በአንድ ተጠየቀ። በመጣች ቁጥር ሰላምታው ይረዝማል፣ ወገቧ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ዓይኗ ግን አንድም ቀን ከመሬት አልተነሳም። ከሰላምታው በኋላ ደግሞ አንዲት ቃል የለም፤ ታናሽ ታላቁ ፊት አያወራማ! ሕጉን ጠብቃ ነው የምትገድላት።

ተናኘወርቅ ታግሳ ታግሳ አንድ ቀን ለባሏ ተናገረች።

«አፀደ ሰላም አትለኝም።»

ባላምባራስ ጆሯቸውን የተጠራጠሩ መሰሉ። «ምን? ትናንት ጉልበትሽን ስማ የለም?»

«ስማኛለች።»

«እጅ አልነሳችሽም?»

«ነስታኛለች።»

«ታዲያ ምን ጎደለብሽ? ልጄ አፈር ልትበላልሽ ነው? አበዛሽው አንቺም!» ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ።

ይኸው ነው! ክብር ጎደለኝ ላለ ሽማግሌ አለ፣ ዳኛ አለ፣ የነፍስ አባት አለ። ክብር በዛብኝ ላለ ግን ማን አለ? «ከሳሽ ቅረቢ፤ ምን አደረገችሽ?» «አከበረችኝ!» አገር ይስቅባታል።

ይህን የተረዳችላት አስያ ብቻ ናት። አስያ የባለሱቁ የሽኩር ሚስት ነች፤ ከባላምባራስ አጥር ቀጥሎ ነው ቤታቸው። እስላም ስለሆነች ከዚህ ሁሉ «ኖር» እና «በእግዜር» ወጣ ያለች ናት። አገሯም ሌላ ነው፣ በዕድሜም ትበልጣለች፣ አሰላ ላይ ተናኘወርቅን በስሟ የምትጠራ እሷ ብቻ ቀርታለች። በአጥሩ ቀዳዳ ጎመን ሲለዋወጡ ተናኘወርቅ ዘረገፈችላት።

አስያ ሰማቻትና «ወላሂ አንቺ ልጅ የምታውቂ መስሎኝ ነበር» አለች። «መልእክቱን ያደረሰው ሽኩር እኮ ነው። በሠርግሽ ሰሞን ለገበያ ሁሩታ ሲሄድ ባላምባራስ ጠርተው ላኩበት። ‹እናትሽን ሰላም ትዪ እንደነበረው ሚስቴን ሰላም ካላልሻት፣ ደጄን እንዳትረግጪ፤ የአባት ቤት የለኝም በዪ› ብለው።»

ተናኘወርቅ የያዘችው ጎመን ከእጇ ወደቀ። «እሳቸው? እሳቸው ናቸው?»

«እሳቸው ናቸው።»

የዚያን ቀን የተናኘወርቅ ንዴት ሁለት ሆነ። ሰውየው ዕድሜዋን መውሰዳቸው አንሶ ጓደኛዋንም በልተዋታል! ቀኑን ሙሉ ስታብሰለስለው ግን አንድ ነገር አልዋጥ አላት። እጅ መንሳቱን አባቷ አዘዙ፤ እሺ። ጉልበት መሳሙንም አዘዙ፤ እሺ። እጅ ነስቶ ቀና ማለት ግን ይቻል የለም? ጓዳ ገብቶ መሳቅ ይቻል የለም? ትእዛዙ የባላምባራስ ነው፤ ርዝመቱ ግን የአፀደ የራሷ ነው። «ምን አደረግኋት?» አለች። «አፍ አውጥታ ትንገረኝ! ልስማው!»

ጥቅምት ሲጋመስ ባላምባራስ ለመሬት ክርክር ወደ ሲሬ ሄዱ። በማግስቱ ጧት ተናኘወርቅ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከአስያ ጋር ሽኩር ዕቃ በጫነበት መኪና ጋቢና ተሳፈረች። አስያ ገበያው ጋ ስትወርድ «ልከተልሽ?» አለቻት። «ተይኝ፣ ብቻዬን ነኝ የምገባው» አለች። መንገዱን ሁሉ ስታስብ የመጣችው አንድ ነገር ነው። አፀደ ከዚያ ሕግ ጀርባ ተደብቃለች፤ ከተደበቀችበት የሚያወጣት ሌላ ምንም የለም፣ ሕጉ ራሱ ካልሆነ በስተቀር።

አፀደ ቤቷ ውስጥ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። አማቷ እማማ ቦጋለች መደቡ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ሁለት የጎረቤት ሴቶችም አሉ። ተናኘወርቅ በሩ ላይ ስትታይ ሴቶቹ «ኖር! ኖር!» ብለው ተነሱ። አፀደም ልትነሳ ሰፌዱን ያዘች። ተናኘወርቅ ግን ጊዜ አልሰጠቻትም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ከወገቧ ታጠፈች።

«እንደምን ከረሙ እትዬ አፀደ?»

እማማ ቦጋለች ከመደቡ ቀና አሉ።

«ደህና ነዎት? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤቱስ? ከብቱስ? ምስሩስ? ብርዱስ በረታብዎ?» በየጥያቄው እጥፍ፣ በየጥያቄው ዝም ብላ መጠበቅ፤ አንድም ሳታስቀር፣ ከራሷ ከአፀደ የተማረችውን ሁሉ። ከዚያ ተንበረከከች።

«ኧረ በስመአብ!» ብለው ጮኹ እማማ ቦጋለች። «የአባትሽ ሚስት እኮ ናት! ያዣት! አንሻት እንጂ! እርግማን ልታመጪብን ነው?»

ታናሽ ሲወድቅ ማንሳት ደግነት ነው፤ ታላቅ ሲወድቅ አለማንሳት ግን ጥፋት ነው። እናት የተባለች ልጇ እግር ላይ ከወደቀች ምድር ትንቀጠቀጣለች የሚል አገር ውስጥ ነው ያሉት። አፀደ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። እናቴ ናት ካለች ዘላ ማንሳት አለባት። ጓደኛዬ ናት ካለች ስቃ ማቀፍ አለባት። ሁለቱንም ማድረግ አቅቷት ደርቃ ቀረች። ተናኘወርቅ ጉልበቷን ሳመችው። ሰፌዱ ተገለበጠ፣ ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የአፀደ አፍ አመለጠ።

«ተነሺ! ተነሺ ከእግሬ ሥር፣ አንቺ ከሃዲ! ምን ቀረሽ? እናቴ አፈሯ ሳይደርቅ አልጋዋ ላይ ወጣሽ፣ ቀሚሷን ለበስሽ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጥሽ! እኔ ያንን ወንበር ሳየው አንጀቴ ይቆረጣል። የእሷን ጉልበት የሳምኩበት ቦታ ላይ የአንቺን ስስም... ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥተሽ ታሾፊብኛለሽ?»

«ስደቢኝ!» አለች ተናኘወርቅ፤ ተነስታ ቆማለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ግን ቤቱን ሞላው። «ጨምሪ! ዓመቱን ሙሉ ይህንን ነው የጠበቅሁት! ከሃዲ በይኝ፣ የፈለግሽውን በይኝ፣ ብቻ እትዬ አትበይኝ! ወንበሩን እኔ ፈለግሁት? አባትሽ ሽማግሌ ሲልኩ አባቴን ጠየቁ፣ አጎቴን ጠየቁ፣ የነፍስ አባቴን ጠየቁ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ማን? በይ ንገሪኝ!»

አፀደ ዓይኗን የተበተነው ምስር ላይ ተከለች።

«ሌላው ይቅር፣ አንቺስ? ከብቱን ጠየቅሽ። ብርዱን ጠየቅሽ። ዝናቡን ጠየቅሽ! አንቺ ለከብቱ ያዘንሽውን ያህል ለእኔ አላዘንሽም። ዓይኔን አንድ ቀን ቀና ብለሽ ብታዪው ኖሮ ሁሉንም ታነቢው ነበር። አንቺ እኮ ነሽ ፊቴን አይታ የምታውቀኝ!»

ጎረቤቶቹ ቀስ ብለው ወጡ። እማማ ቦጋለች ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ፤ እሳቸውንም ሲዳሩ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም መሰለኝ። አፀደ ከበርጩማዋ ተነሳች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አነሳች። ያየችው ፊት ከስቷል፣ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ ያ ሁሉ «ይመስገን» ሲባልበት የከረመ ፊት ይኸው ነበር።

«ተናኘ» አለች በተሰበረ ድምፅ። «እንዴት ነሽ?»

እንዲህ ሲባል አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ ሕመምተኛም ቢሆን፣ ሬሳ ከቤቱ የወጣበትም ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል።

«ደህና አይደለሁም» አለች ተናኘወርቅ።

አፀደ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ግራ ጉንጭ ቀኝ ጉንጭ የለም፤ እንዳገኘች ሳመቻት፣ በትከሻዋ መታቻት፣ «አንቺ ከይሲ፣ አንቺ ሌባ፣ ለምን ቀድመሽ አልጮህሽም?» እያለች ከእሷ ብሳ አለቀሰች። የተበተነውን ምስር ማንም አላነሳው፤ ዶሮዎች ገብተው ለቀሙት።

ተናኘወርቅ ያን ቀን አልተመለሰችም። በማግስቱም አልተመለሰችም። ያለፈውን ጥር ከሥሩ ጀምራ ነገረቻት። አፀደም ሰማች፤ በሰማች ቁጥር ንዴቷ ከተናኘወርቅ ላይ እየተነሳ ወዴት መሄድ እንዳለበት አወቀ። ካሣዬ ማታ ገብቶ ጉዱን ሲሰማ «አባትሽን ልታስቀይሚ ነው» አለ። «እሳቸው ሳያስቀይሙኝ ነው?» አለችው። አማቷ ናቸው ያስቆሙት፤ «ተዋት ልጄ፣ ተዋት» አሉ እማማ ቦጋለች።

ባላምባራስ ከሲሬ ሲመለሱ ቤታቸው ባዶ ነው። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው በበቅሎ ሁሩታ ገቡ። ሽማግሌዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ጠላ ጠጥተው፣ ጺማቸውን ጠርገው የመረቁት።

ተናኘወርቅ ጓዳ ሆና የበቅሎውን ኮቴ ሰማች። «እወጣለሁ» አለች። አፀደ «ተቀመጪ» አለቻትና ብቻዋን ወደ ደጃፉ ሄደች። ተናኘወርቅ በግድግዳው ስንጥቅ አየች።

ባላምባራስ ከበቅሎ ወርደው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ልጃቸው መጥታ እግራቸው ላይ እስክትወድቅ ቆሙ። ሊያነሷት ሁለት እጃቸውን ከፊታቸው ዘርጋ አድርገዋል፤ ደግ አባት መሆናቸውን ሽማግሌዎቹ ያዩ ዘንድ። አፀደ ከበሩ መቃን አልፋ አልመጣችም። ነጠላዋን አላጣፋችም። ወገቧም አልታጠፈም። ዓይናቸውን ቀጥ ብላ አየቻቸው።

«ደህና ዋሉ» አለች።

ይኸው ነው። «እንደምን» የለም፣ «ጤናዎ» የለም፣ የሲሬው መንገድ የለም፣ በቅሎው የለም። መንገደኛ ለመንገደኛ በሩቁ የሚጥለው ዓይነት ሰላምታ ነው። የሰውየው እጆች አየር ላይ ቀሩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን አልሽ?» አሉ ባላምባራስ።

«ደህና ዋሉ አልኩ፣ አባባ።»

«ሰላምታሽ ይሄ ነው? ለአባትሽ?»

«ይኸው ነው። ረጅሙን ለተናኘ ሰጥቼ ጨረስኩት። እርስዎ አይደሉ ያዘዙት?»

ባላምባራስ ፊታቸው ጠቆረ። «ሚስቴን አምጪ።»

«ውስጥ ናት። ይግቡና ይውሰዷት። ግን ጠይቀው ነው። ‹እንዴት ነሽ› ብለው ጠይቀው፣ መልሷን እስከ መጨረሻው ቆመው ሰምተው።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከልካይ የለም፤ አፀደ ራሷ ወደ ጎን ዞር ብላ መንገድ ለቃለች። ነገር ግን «ኖር» ያልተባለበት፣ እጅ ያልተነሳበት ቤት እንዴት ተደርጎ ይገባል? ሽማግሌ እያየ! ባላምባራስ አንድ እግራቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ፤ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ሰውየው ብዙ ቆሙ። ተናኘወርቅ በስንጥቁ ውስጥ አየቻቸው፤ የምታውቃቸው ባላምባራስ ሳይሆኑ የደከማቸው ሽማግሌ ነበሩ፣ አዘኔታ ግን አልመጣላትም። ከዚያ ባላምባራስ ዞረው እርካባቸውን ፈለጉ፣ ልጓሙን ያዘላቸው አልነበረም፤ በራሳቸው በቅሎው ላይ ወጡ። ሲሄዱ «ደህና ይሁኑ» ያላቸውም የለም።